ጠጃችሁ የኮመጠጠው በዕድል አይደለም

«ጠጅ መጣል ምንም አያስፈራም። ማር፣ ውሃ፣ ጌሾ፣ ባልዲ፣ አለቀ። ንጽህና ምናምን እያሉ የሚያካብዱትን አትስሟቸው። የመጀመሪያው ካልተሳካ ዕድል ነው፣ ሁለተኛው ይሳካል።»

ሰሞኑን ሰው ሁሉ የሚቀባበለው ጽሑፍ የሚጀምረው በዚህ ነው። ጸሐፊውን አላውቀውም። ቤቱ ጠጅ የሚጥል ሰው እንዲበዛ መፈለጉን ግን እወድለታለሁ፣ እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው። ችግሩ ምክሩን አምኖ የጣለ ሰው ጋ ነው። ዋጋው ጣራ የነካ ማር ገዝቶ፣ ሳምንታት ጠብቆ፣ መጨረሻ ላይ ባልዲ ሙሉ አቼቶ ታቅፎ ይቀራል። ሁለት ኪሎ ማር ደፍቶ ያየ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይደግመውም። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«ማር ጀርም አያስጠጋም። ዕቃውን በውሃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል።»

ግማሹ እውነት ነው፣ ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው። ተከድኖ የተቀመጠ ማር ለዓመታት አይበላሽም። ከ100 ግራም ማር 80 ግራም ያህሉ ስኳር ነው፣ ውሃው 20 ግራም እንኳ አይሞላም። ያ ሁሉ ስኳር ያለችውን ውሃ አጥብቆ ስለሚይዝ እዚያ ውስጥ የወደቀ ጀርም የሚጠጣው አያገኝም፣ ጭራሽ የራሱንም ውሃ ይነጠቃል። ማሩን የሚጠብቀው ይሄ ነው።

አሁን ውሃ ጨምሩበት። ብርዝ ሆነ። ስኳሩ ወደ 20 በመቶ ወረደ፣ ውሃው እንደ ልብ ሆነ፣ ጥበቃው እዚያው ላይ አከተመ። ማስረጃ ካስፈለገ ብርዙ ራሱ ይፈላ የለም እንዴ? እርሾ የሚኖርበት ቦታ ላይ ሌላውም ይኖራል።

ሌላው የምለው ማንን ነው? አንደኛ፣ ወተትን እርጎ ከሚያደርጉት ጋር የሚዛመዱ ባክቴሪያዎች አሉ። እነዚህ በጠጅ ውስጥ ሁልጊዜም በመጠኑ ይገኛሉ፣ ለስለስ ያለ ጎምዘዝ ማለት ይሰጡታል፣ ከበዙ ግን ጠጁ እርጎ እርጎ ማለት ይጀምራል። ሁለተኛ፣ አልኮልን በአየር እየታገዙ ወደ አቼቶ የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች አሉ። የበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበዋ ትንሽ ዝንብ ይዛቸው ትመጣለች። ሦስተኛ፣ ላይ ላዩን ነጭ ሽፋን የሚያበጁት ሻጋታና የዱር እርሾዎች ናቸው።

እነዚህ ሁሉ በር የሚከፈትላቸው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ፣ እርሾው ገና ሳይበዛ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት። ብርዙ ያኔ ጣፋጭ ነው፣ አልኮል የለበትም፣ ቀድሞ የበዛው ይወርሰዋል። እርሾው አንዴ ከበዛ ግን ውስጡ ያለውን ኦክስጅን ሙልጭ አድርጎ ይጨርሳል፣ አልኮል ያወጣል፣ ብርዙን ያጎመዝዘዋል፣ የሚወጣውም ጋዝ ከላይ ይሸፍነዋል። ለሌላው ቦታ የለም። ሁለተኛው ጊዜ መፍላቱ ሲያበቃ ነው። ጋዙ ይቆማል፣ አየር ይመለሳል፣ አልኮሉ ደግሞ ለአቼቶው ባክቴሪያ ድግስ ነው። የመጀመሪያ ጠጃቸው ተበላሽቶ ወደኔ ከሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ከሁለቱ በአንዱ የተያዙ ናቸው።

ዕቃ የምናጸዳው እንግዲህ እርሾው በመጀመሪያው ቀን የሚገጥመው ተቀናቃኝ ጥቂት እንዲሆን ነው። በውሃ ለቅለቅ ማድረግ የሚታየውን ቆሻሻ ይወስዳል። ዕቃው ላይ የተጣበቀውን አይነካውም።

«እናቶቻችን ሳኒታይዘር የሚባል ነገር አያውቁም። ጠጃቸውን ግን ማን ይረሳዋል?»

ከጽሑፉ ሁሉ ያንገበገበኝ ይሄኛው ነው። እናቶቻችን ጋን ሲያሰናዱ ቆሞ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ተደፍቶ ይደርቃል፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ቅጠሉ ቆሻሻውን ፈትጎ ያነሳል። ሙቀቱና ጭሱ ደግሞ የቀረውን ይመቱታል፣ ከጭሱ ግድግዳው ላይ የሚቀረውም ነገር ባክቴሪያ ቶሎ እንዳይበዛ ያግዛል። ማጠብና ጀርም መግደል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን እነሱ ከኛ በፊት ያውቁታል፣ ሁለቱንም በየተራቸው ነው የሚሠሩት። አንድ ጋን ደግሞ ለአንድ መጠጥ ነው። የጠጁ ጋን ጠላ አይጣልበትም። የሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ ካለፈው ጠጅ የቀረ እርሾ ስላለ ቀጣዩ ጠጅ ቶሎ ይነሳል።

እኛ ያንን ጋን ትተን የፕላስቲክ ባልዲ ይዘናል። ፕላስቲክ አይታጠንም። የተቀመጠ እርሾም የለውም። ውስጡ በትንሹ ከተጫረ ደግሞ ጭረቱ ውስጥ የገባውን ጀርም ጨርቅ አያወጣውም፣ ለዚህ ነው በብረት ሽቦ አትፈትጉት የምለው። ስለዚህ ጋኑ ይሠራልን የነበረውን ሥራ በሌላ መንገድ መሥራት አለብን።

ባለፈው ፋሲካ ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ጠጁ እንደኮመጠጠበት ነግሮኝ ባልዲውን አየሁለት። ከታች ቧንቧ ያለው፣ ለመጠጥ ውሃ የሚሸጠው ዓይነት ነው። «ጋሼ፣ በሳሙና ሦስቴ አጥቤዋለሁ» አለኝ፣ እውነቱንም ነው፣ ባልዲው ያብረቀርቃል። ቧንቧውን ፍታው አልኩት። ከጎማው ጀርባ፣ ከጥርሱ መሃል፣ ጣት ላይ የሚሙለጨለጭ ግራጫ ነገር ወጣ። ሽታው ያረጀ ብርዝ ነው። ባልዲው ከዚያ በፊት ለምን እንዳገለገለ ልጁ አያውቅም። ሦስቴ የታጠበ ባልዲ በዚያች ቧንቧ ምክንያት ሁለት ሦስት ማንኪያ የተበላሸ ጥንስስ ተቀላቀለበት ማለት ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የሚፈታው ሁሉ ይፈታል። በሙቅ ውሃና በዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ ይዤ አጥባለሁ፣ ሳሙናው እስኪለቅ አለቀልቃለሁ። ማማሰያ፣ ሻሽ፣ ማንኪያ፣ ጭልፋ፣ ሙቀት የሚችል ጎማ፣ እነዚህን 10 ደቂቃ አፈላቸዋለሁ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ደቂቃው ላይ አልቸኩልም። መፍላት የማይችለውን ባልዲ በበረኪና ነው። ሽታ ያልተጨመረበት፣ 5 በመቶ አካባቢ የሆነ በረኪና፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ። ግድግዳውን በሙሉ ለ10 ደቂቃ እርጥብ አድርጌ አቆየዋለሁ፣ እደፋዋለሁ፣ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በደንብ አለቀልቃለሁ። በቧንቧ ውሃ መልሳችሁ ካለቀለቃችሁ የለፋችሁበትን መልሳችሁ ታቆሽሹታላችሁ። በረኪናው ከቀረም ጠጁ የመድኃኒት ጣዕም ያመጣል። አንድ ነገር አደራ፣ በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋር አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ውጭ አገር ያላችሁ የወይንና የቢራ መጥመቂያ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ከተጠቀማችሁበት በኋላ መለቅለቅ የማይፈልግ ሳኒታይዘር ታገኛላችሁ። ሥራው ያው ነው። መጀመሪያ ዕቃው ካልታጠበ ግን እሱም አይሠራም፣ በቆሻሻ ስር ያለን ጀርም ምንም ፈሳሽ አይደርስበትም።

«ማሩንም ጌሾውንም አብሮ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ነው። እርሾ አያስፈልግም፣ ራሱ ይመጣል።»

ከየት ነው የሚመጣው? ጠጅ የተገዛ እርሾ ሳይጨመርበት የሚፈላው እርሾው በጌሾው እንጨት፣ ባልተጣራው ማርና በጋኑ ግድግዳ ላይ ስላለ ነው። ማሩን አፈላችሁት፣ ጌሾውን አፈላችሁት፣ ባልዲው አዲስ ነው። እርሾውን በገዛ እጃችሁ ገድላችሁ አሁን ከአየር ላይ እስኪወርድ ትጠብቃላችሁ። ከአየር ላይ ምን እንደሚወርድ ደግሞ ማንም አይመርጥም።

የዚህ ዓይነቱ ጠጅ በቀላሉ ይታወቃል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ዝም። በአራተኛው ቀን ላይ ላዩን ስስ ነጭ ሽፋን ይመጣል፣ ሰውየው «ጀመረልኝ» ብሎ ደስ ይለዋል። የጀመረው ግን ሌላ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖች ላይ ይሄ ይብሳል፣ ምክንያቱም ከሱፐርማርኬት የሚገዛው ማር ብዙውን ጊዜ ሞቆና ተጣርቶ ነው የሚመጣው፣ ሰፈፉም የአበባ ዱቄቱም ወጥቶለታል። እርሾ ደግሞ ስኳር ብቻ አይበቃውም። ማር በተፈጥሮው ለእርሾ ምግብ ድሃ ነው፣ የተጣራው ደግሞ የባሰ ድሃ ነው። እርሾው ሲራብ ይዘገያል፣ አንዳንዴም የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያመጣል። ሰፈፍ ያለበት ጥሬ ማር ለጠጅ የሚመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሚፈላው ውሃው ነው። አፍሉት፣ ክደኑት፣ ጣት የማያቃጥል ለብታ ላይ ሲደርስ ማሩን በጥብጡበት። ከጌሾው እንጨት ለአንድ ኪሎ ማር 50 ግራም ያህል እወስዳለሁ። ግማሹን በትንሽ ውሃ አፍልቼ፣ ቀዝቅዞ፣ መራራውን ውሃ እጨምራለሁ፣ ግማሹን ደግሞ ሳላፈላ እከታለሁ። ቅጠሉን ለጠላ ተዉት።

እርሾውን በተመለከተ ለጀማሪ የምመክረው ሁለት መንገድ ነው። ጥሩ ጠጅ የሚጥል ሰው ካላችሁ አንድ ብርጭቆ አምቡላ ለምኑት፣ ግን ቅመሱት፣ የኮመጠጠ አምቡላ የኮመጠጠ ጠጅ ያመጣል። ካላገኛችሁ የወይን እርሾ ግዙ። የተለመደው 5 ግራም ፓኬት ለመጀመሪያ ጠጃችሁ ከበቂ በላይ ነው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ፣ 35 ዲግሪ አካባቢ፣ 15 ደቂቃ አቆይቶ መጨመር ነው። የዳቦ እርሾም ያፈላል፣ ብቻ የሊጥ ሽታ ይተዋል፣ ቶሎም አይጠራም። ውሃው ትኩስ ከሆነ ሁሉም ይሞታል። «እርሾው አልሠራም» ከሚሉኝ ሰዎች ስንቱ ነው ትኩስ ብርዝ ላይ የደፋው።

ልኩ እንዲህ ነው፦ በ24 ሰዓት ውስጥ ጠርዙ ላይ አረፋ መታየት አለበት። 48 ሰዓት ካለፈና ዝም ካለ መጠበቅ ይብቃ፣ ሌላ እርሾ ጨምሩ። ሳምንት ጠብቆ እርሾ መጨመር ዋጋ የለውም፣ ቦታው ተይዟል።

ጸሐፊው በዚሁ ክፍል «ጌሾ ሁሉንም ይጠብቃል» የሚል ነገር ጣል አድርጓል። መራራው አንዳንዱን ባክቴሪያ ያዳክማል። እርጎ አድራጊዎቹንና አቼቶ አድራጊዎቹን ግን አያቆማቸውም። ቢያቆማቸው ኖሮ የኮመጠጠ ጠጅ የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር።

«አንድ ለሦስት ነው። በፈለጋችሁት ለኩት።»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ልብ ያላለው ነገር አለ። ማር ከውሃ ይከብዳል። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ጣሳ ማር ለሦስት ጣሳ ውሃ ማለትና አንድ ኪሎ ማር ለሦስት ሊትር ውሃ ማለት አንድ አይደለም፣ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም።

በኪሎ እንሂድ። 2 ኪሎ ማር፣ 6 ሊትር ውሃ። ማሩ 1.4 ሊትር ያህል ቦታ ስለሚይዝ ድምሩ 7.4 ሊትር ነው። 1.6 ኪሎ ስኳር በ7.4 ሊትር ሲካፈል በሊትር 216 ግራም አካባቢ ይሆናል። እርሾ በሊትር ከ17 ግራም ስኳር አንድ በመቶ አልኮል ያወጣል፣ ስለዚህ ሁሉንም ከበላው 12 ወይም 13 በመቶ ጠጅ ነው። ጠንካራ ነው፣ ግን ጤነኛ እርሾ ይወጣዋል።

በጣሳ ከሄዳችሁ ያው አንድ ለሦስት በሊትር 280 ግራም ስኳር ይሆንባችኋል። ሁሉም ካለቀ ከ16 በመቶ በላይ ነው። የዱር እርሾ ወይም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እርሾ እዚያ አይደርስም። ገና ሲጀምር ስኳሩ ይጫነዋል፣ ይዘገያል፣ መሃል ላይ ይቆማል። የቆየ ሰው ጋን ውስጥ ብዙ ዘመን የለመደ እርሾ ስላለውና ጣፋጭ ጠጅም ስለሚፈልግ በጣሳ ለክቶ ያምርለታል። ለእናንተ የመጀመሪያ ጠጅ ግን ይሄ መጠን የመጀመሪያዎቹን አደገኛ ቀናት ማርዘም ነው።

በኪሎ ለኩ። ጣፋጭ ጠጅ የሚወድ ሰው ካለ ሊጠጣ ሲል ብርጭቆው ውስጥ ማር ይበጥብጥለት፣ ከመጀመሪያው ማር አታብዙ። ዕቃውም ሰፋ ይበል፣ ለ7.4 ሊትር ብርዝ 10 ሊትር ባልዲ። የሰፈፉና የጌሾው አረፋ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ከፍ ይላል፣ ሞልቶ ከፈሰሰ ክዳኑ ሥር ይጣበቃል፣ ዝንብ ይጠራል።

«በሰባተኛው ቀን አረፋው ሲጠፋ በጠርሙስ አሽጋችሁ ለበዓል አስቀምጡት።»

እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ከጽሑፉ ሁሉ ሰው ሊጎዳ የሚችለው በዚህኛው ነው።

አረፋ መጥፋትና ስኳር ማለቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እርሾ 18 እና 25 ዲግሪ መካከል ደስ ይለዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከዚያ በብዙ ይወርዳል፣ እርሾው ያንቀላፋል፣ አረፋው ይጠፋል፣ ስኳሩ ግን እዚያው ነው። ሰውየው ያሽገዋል። ቆይቶ ቤቱ ሲሞቅ፣ ወይም ጠርሙሱ ለበዓል ወጥ ከሚሠራበት ክፍል ሲገባ፣ እርሾው ይነቃል።

ምን ያህል ጋዝ? በአንድ ሊትር ጠጅ ውስጥ 4 ግራም ስኳር ሲፈላ አንድ ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል። 20 ግራም ቢቀር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው፣ 5 ሊትር ጋዝ የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ መውጫ ይፈልጋል። ለስለስ ብሎ የሚጣፍጥ ጠጅ ከ20 ግራም በላይ ሊኖርበት ይችላል። የወይን ጠርሙስ ለዚህ አልተሠራም፣ የቢራ ጠርሙስም አይችለውም። ሲፈነዳ ብርጭቆው ክፍሉን አቋርጦ ነው የሚሄደው።

ሃይድሮሜትር፣ ማለትም ጠጁ ውስጥ የቀረውን ስኳር የሚጠቁም መለኪያ፣ ያለው ሰው በሦስት ቀን ልዩነት ሁለቴ ይለካ፣ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ አልቋል። የሌለው ሰው በፕላስቲክ ይሞክር። ከጠጁ በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ ከድኖ፣ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ያቆየው። ጠርሙሱ በእጅ ሲጨብጡት እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ጠጁ ገና እየፈላ ነው። ስትሞሉት እንደነበረው ሲጨብጡት ገባ የሚል ከሆነ አርፏል ማለት ነው። በኛ አየር እኔ ከሁለት ሳምንት በፊት አላስበውም፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ሳይደርስ መጠጣት ካማራችሁ ጠጡት፣ ሰው ጠጅ ሁልጊዜም ገና እየፈላ ይጠጣል፣ ብቻ አታሽጉት።

«ከኮመጠጠ ማር ጨምሩበት፣ ይስተካከላል።»

መጀመሪያ የቱ ዓይነት ኮምጣጣ እንደሆነ እንለይ። ብርጭቆ ውስጥ ቅዱና አሽትቱ። ሽታው ሳያስቸግር ምላስ ላይ ብቻ ጎምዘዝ የሚል ከሆነ እርጎ አድራጊዎቹ ናቸው። ይሄ ጤነኛ ነው፣ የቀዘቀዘ ቦታ ይረፍ፣ ቶሎ ይጠጣ። አፍንጫን ወጋ የሚያደርግ፣ ሰላጣ ላይ የሚጨመረውን የሚያስታውስ ከሆነ አቼቶ ነው። ላይ ላዩ ነጭ ስስ ሽፋን ብቻ ካለና ሽታው ደህና ከሆነ በተቀቀለ ጭልፋ አንሱት፣ ከሥሩ ያለውን ጠጅ ሳታናውጡ ወደ ሌላ ንጹህ ዕቃ በቱቦ አውርዱት። ሽፋኑ ፀጉር ካበቀለ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ ሻጋታ ነው፣ ድፉት፣ ማሩ ያሳዝናል ግን ድፉት።

አቼቶ የሆነን ጠጅ ማር አይመልሰውም። አቼቶው ውስጡ ነው ያለው፣ ጣፋጩ ምላስን ለአንድ ሰሞን ያታልላል እንጂ አያወጣውም። የጨመራችሁትን ማር ደግሞ የቀረው እርሾ ይበላውና አዲስ አልኮል ያወጣል፣ አዲሱን አልኮል ባክቴሪያው አቼቶ ያደርገዋል። ሁለተኛ ማር ደፋችሁ ማለት ነው።

ማዳን የሚቻለው አቼቶ ከመሆኑ በፊት ነው፣ መድኃኒቱም አየርን መዝጋት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አየር ለእርሾው ይጠቅማል። ባልዲው በንጹህ ሻሽ ድርብ ተሸፍኖ፣ ዙሪያው በገመድ ታስሮ፣ ጠዋትና ማታ በተቀቀለ ማማሰያ ቢማሰል ጥሩ ነው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ማማሰያውን አስቀምጡ። ክዳን አድርጉለት፣ ክዳኑን ብሱና ቀጭን ቱቦ አስገቡ፣ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ንከሩት። ጋዙ በውሃው ውስጥ እየተንቦጨቦጨ ይወጣል፣ አየርና ዝንብ ግን አይገቡም። ጌሾውን በአሥረኛው ቀን አካባቢ አውጡት፣ ከዚያ በላይ ከቆየ ምሬቱ እየከበደ ነው የሚሄደው።

መፍላቱ ሲያበቃ ደግሞ ግማሽ ባልዲ ጠጅ ትልቅ ባልዲ ውስጥ አትተዉ። ባዶው ቦታ ሁሉ አየር ነው። በየቀኑ ክዳን ከፍቶ አንድ ብርጭቆ መቅዳት በየቀኑ አዲስ አየር ማስገባት ነው፣ ፋሲካ ላይ ጥሩ የነበረ ጠጅ ዳግም ትንሣኤ ላይ አቼቶ የሚሆነው በዚህ ነው። አጣሩት፣ በትናንሽ ዕቃዎች አንገታቸው ድረስ ሞልታችሁ ከፍሉት፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጡት፣ አንዱን ከፍታችሁ ሳትጨርሱ ሌላውን አትንኩ።

የኮመጠጠውን መድፋት ግዴታ አይደለም። የማር አቼቶ ለሰላጣም ለሥጋም ይሆናል፣ ሰፋ ባለ አፍ ዕቃ ውስጥ በሻሽ ሸፍናችሁ ሁለት ወር ተዉት። ብቻ ጠጅ ከምትጥሉበት ክፍል አርቁት፣ የነካው ማማሰያና ሻሽም ወደ ጠጁ ዕቃ አይመለስ።